የጥር ወር ድምር ለምን ተለወጠ? ከሒሳብ ክፍል ለሥራ አስኪያጅ የቀረበ ማስታወሻ ከማረጋገጫ አሠራር ጋር

ለ፦ ሥራ አስኪያጅ
ከ፦ ሒሳብ ክፍል
ጉዳዩ፦ የጥር ወር የወጪ ድምር የተለወጠበት ምክንያትና የማረጋገጫው አሠራር

የፈረሙበት የጥር ወር የወጪ መግለጫ ድምሩ 4,182,500 ብር ይላል። ኦዲተሩ ስለጠየቀ ያንኑ የኤክሴል ፋይል ግንቦት ላይ ስንከፍተው 4,315,600 ብር ሆኖ ወጣ። ልዩነቱ 133,100 ብር ነው። በመካከሉ አዲስ ወጪ አልገባም፣ የተሰረዘ ቫውቸር የለም፣ በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ያለው መዝገብ፣ ማለትም ሌጀሩም፣ አልተነካም። የተለወጠው ኤክሴሉ ያወጣው ስሌት ብቻ ነው።

መልሱን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱም ትክክለኛ አይደለም። ከቫውቸሮቹም ከሌጀሩም ጋር የሚገጥመው 4,252,000 ብር ነው። የፈረሙበት ቁጥር በ69,500 ብር ያንሳል፤ አዲሱ ደግሞ በ63,600 ብር ይበልጣል። እንዴት እዚህ እንደደረስን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርቧል። ፋይሉ አጠገብዎ ካለ እያንዳንዱን እርምጃ ራስዎ እየሞከሩ ማየት ይችላሉ።

ፋይል ዝም ብሎ ተቀምጦ እንዴት ይለወጣል?

ፎርሙላ ያለበት ሴል ሁለት ነገር ይይዛል፤ ፎርሙላውንና ለመጨረሻ ጊዜ ሲሰላ የወጣውን ውጤት። በስክሪንም ሆነ በወረቀት ላይ የሚታየው ሁለተኛው ነው። ኤክሴል ያን ውጤት ለማደስ ምክንያት ካላገኘ የድሮውን እንዳለ ያሳያል፤ ምክንያት ሲያገኝ ደግሞ ማንንም ሳያስፈቅድ ያድሰዋል። የእኛ ፋይል ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደራርበዋል። ድምሩ ሳይታደስ ታትሟል፤ የዶላር ክፍያዎቹ በዕለቱ የምንዛሪ ዋጋ የሚሰሉ ነበሩ፤ የነዳጁ ወጪም ከሌላ ፋይል የሚሳብ ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ስለቀነሰ ጥቅል ልዩነቱን ብቻ ማየት የትም አያደርስም። ለዚህ ነው አንድ በአንድ መለየት ያስፈለገው።

1ኛ እርምጃ፦ አሮጌውን ውጤት ሳያጠፉ መክፈት

ፋይሉን በቀጥታ ሁለት ጊዜ ጠቅ አድርገው አይክፈቱት። አውቶማቲክ የሆነ ሌላ ፋይል ቀድሞ ተከፍቶ ከሆነ ኤክሴል ገና እንደተከፈተ ያሰላና የድሮው ውጤት ይጠፋል። ጥር መጨረሻ ላይ የተቀመጠውን መጠባበቂያ ፋይል ሌላ ቦታ ይቅዱ። ዋናውን በቀኝ ጠቅ አድርገው `Properties` ውስጥ `Read-only` የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ከዚህ በኋላ የሚነኩት ቅጂውን ብቻ ነው።

ሌሎች የኤክሴል ፋይሎችን በሙሉ ዝጉና መጀመሪያ ባዶ ፋይል ይክፈቱ። በባዶው ፋይል `Formulas` > `Calculation Options` > `Manual` የሚለውን ይምረጡ። ቀጥለው `File` > `Options` > `Formulas` ውስጥ ገብተው `Recalculate workbook before saving` የሚለውን ምልክት ያንሱ። ቅጂውን የሚከፍቱት ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ፋይሉ ከሌላ ፋይል ጋር መያያዙን ገልጾ `Update` ወይም `Don't Update` ብሎ ሲጠይቅ `Don't Update` ይበሉ።

በዚህ መንገድ ሲከፈት የድምሩ ሴል F65 የፈረሙበትን 4,182,500 ማሳየት አለበት። ሌላ ቁጥር ካሳየ መጠባበቂያው ራሱ ከዚያ በኋላ ተከፍቶ ተቀምጧል ማለት ነው። ያኔ ማነጻጸሪያ የሚሆነው የተፈረመው ወረቀት ብቻ ስለሆነ ረድፎቹን ከወረቀቱ መገልበጥ ይኖርብዎታል።

አሁን በስተግራ ከታች ያለውን ቀጭን መስመር ይመልከቱ። `Calculate` የሚል ቃል ካለ ያልታደሰ ስሌት አለ ማለት ነው። በእኛ ፋይል ላይ ይህ ቃል አለ። መግለጫው ሲታተምም እዚያው ነበረ፤ ቃሉ ግን ወረቀት ላይ አይወጣም።

2ኛ እርምጃ፦ አሮጌውን ቁጥር ማስቀረት፣ ከዚያ ማስላት

ከF5 እስከ F65 ያለውን ኮፒ አድርገው `Old` በሚባል አዲስ ሺት ላይ፣ እዚያው F5 ላይ፣ በ`Paste Special` > `Values` ይለጥፉት። አሁን ቁጥሩ ያለፎርሙላ ስለተቀመጠ ምንም ቢሰላ አይለወጥም። ቀጥለው `Rate` የሚባለው የምንዛሪ ዋጋ ሺት የግንቦትን ዋጋ መያዙን አይተው F9 ይጫኑ። እኛ ግንቦት ላይ ስናሰላው የመጀመሪያው ሺት ላይ ድምሩ ከ4,182,500 ወደ 4,330,000 ዘለለ፤ በሌላ ቀን ሲሰላ ሊለይ ይችላል፣ ምክንያቱ 3ኛው እርምጃ ላይ አለ። ይህንንም በዚያው መንገድ `New` በሚባል ሺት ላይ ያስቀምጡ። በሦስተኛ ሺት ላይ ልዩነቱን ያውጡ፦

```
=New!F5-Old!F5
```

ይህን እስከ 65ኛው ረድፍ ሲጎትቱት ሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት ቁጥር ቢያሳይ አይደንግጡ። በማኑዋል ላይ የተጎተተ ፎርሙላ የመነሻውን ሴል ውጤት ይዞ ነው የሚወርደው፤ F9 ሲጫኑ ይስተካከላል። እንዲያውም በዕለት ሥራ ላይ ኤክሴል ማኑዋል ላይ መሆኑን ለማወቅ ፈጣኑ ምልክት ይኸው ነው፤ ፎርሙላ ተጎትቶ አንድ ቁጥር ብቻ ከደጋገመና ፎርሙላው ውስጥ ሴሉን የሚቆልፍ `$` ከሌለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ከዝርዝሮቹ ውስጥ ልዩነት የሚያሳዩት ሁለት ረድፎች ብቻ ናቸው። 12ኛው በ42,000፣ 31ኛው በ31,500፣ አንድ ላይ 73,500 ብር። ድምሩ ግን የጨመረው በ147,500 ነው። ቀሪው 74,000 ብር የማንኛውም ረድፍ ለውጥ አይደለም፤ ዝርዝሩ ሳይለወጥ ድምሩ ብቻ ነው የተለወጠው። ይህ ሊሆን የሚችለው አሮጌው ድምር የራሱን ዝርዝር በሙሉ ሳይደምር ከቀረ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩን ማመን ካልፈለጉ የተፈረመውን ወረቀት በመደመሪያ ማሽን ይደምሩት። ዝርዝሩ 4,256,500 ይመጣል፤ ከሥሩ የተጻፈው 4,182,500 ነው። ወረቀቱ ራሱ አይደመርም። መጨረሻ ላይ የገቡት ሦስት ቫውቸሮች፣ ከ61ኛ እስከ 63ኛ ረድፍ ያሉት 38,400፣ 21,600 እና 14,000፣ ልክ 74,000 ይሆናሉ። ሦስቱም ትክክለኛ የጥር ወጪዎች ናቸው፤ ደረሰኛቸውም ተያይዟል። ስለዚህ ይህ ጭማሪ መቆየት ያለበት ነው።

ፋይሉ ማኑዋል ላይ እንዴት ገባ የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ኤክሴል የስሌቱን ዓይነት የሚወስደው በዚያ ቆይታ መጀመሪያ ከተከፈተው ፋይል ነው። የደመወዝ ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ሆን ተብሎ ማኑዋል ላይ ተደርጓል። ጠዋት እሱ ቀድሞ ከተከፈተ ከኋላው የሚከፈቱት ሁሉ ማኑዋል ይሆናሉ፤ ሴቭ ሲደረጉም ይህንኑ ይዘው ይቀመጣሉ። እንደ ጉንፋን ከፋይል ወደ ፋይል ይተላለፋል። ግንቦት ላይ ፋይሉ የተከፈተው አውቶማቲክ የሆነ ፋይል ቀድሞ በተከፈተበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስለነበር የቀረው ስሌት ወዲያው ተሠራ።

3ኛ እርምጃ፦ የዶላር ክፍያዎቹን መመርመር

12ኛው ረድፍ የ6,000 ዶላር የጥገና አገልግሎት ክፍያ፣ 31ኛው የ4,500 ዶላር የሶፍትዌር ፈቃድ ነው። ሁለቱም ጥር ውስጥ ተከፍለው ያለቁ ናቸው። 12ኛው ረድፍ ላይ ያለው ፎርሙላ ይህ ነው፦

```
=E12*VLOOKUP(TODAY(),Rate!$A$2:$B$400,2,TRUE)
```

ችግሩ `TODAY()` ነው። የምንዛሪ ዋጋውን የሚፈልገው ክፍያው በተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ፋይሉ በተሰላበት ቀን ነው። ጥር መጨረሻ ሲሰላ 127.00 አገኘና ሁለቱን ክፍያዎች 1,333,500 ብር አደረጋቸው። ግንቦት ላይ 134.00 አገኘና 1,407,000 አደረጋቸው። ነገም ቢከፈት ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ፋይሉን ከፍተው ምንም ሳይነኩ ሲዘጉት ለውጡን ላስቀምጥ ወይ ብሎ ከጠየቀዎት፣ ብዙ ጊዜ ውስጡ እንዲህ ያለ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የሚታደስ ፎርሙላ ስላለ ነው።

ትክክለኛው ዋጋ የትኛው ነው? የሒሳብ አያያዙ ግልጽ ነው። በአዋጅ ቁጥር 847/2006 መሠረት የምንከተለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃ፣ የውጭ ምንዛሪ ግብይት መጀመሪያ ሲመዘገብ በግብይቱ ቀን ዋጋ እንዲሆን ያዛል። ሳይከፈል የቆየ የዶላር ዕዳ ቢሆን ኖሮ በወሩ መዝጊያ ዋጋ እንደገና ይተመንና ልዩነቱ ለብቻው የምንዛሪ ትርፍ ወይም ኪሳራ ሆኖ ይመዘገብ ነበር። የእኛዎቹ ግን በአገልግሎቱ ዕለት የተከፈሉ ስለሆኑ ተመልሰው አይተመኑም። የባንኩ የዴቢት ማስታወቂያዎች እንደሚያሳዩት፦

የጥገናው ክፍያ ጥር 14፦ 6,000 × 126.40 = 758,400 ብር
የሶፍትዌሩ ክፍያ ጥር 26፦ 4,500 × 126.80 = 570,600 ብር

በድምሩ 1,329,000 ብር። ስለዚህ የፈረሙበት መግለጫም ቢሆን እዚህ ላይ በ4,500 ብር ይበልጣል፤ አዲሱ ግን በ78,000 ብር ነው የሚበልጠው።

ይህ ፎርሙላ ፋይሉ ውስጥ ለዓመታት ኖሮ ጎልቶ አለመታየቱ አያስገርምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት የባንክ ዋጋ በዝግታ ስለሚንቀሳቀስ በአንድ ወር ውስጥ የሚፈጥረው ልዩነት በጥቂት መቶዎች ወይም ሺዎች ብር ይወሰን ነበር። አሁን ግን ፋይሉ ጥቂት ወራት ሲቆይ ልዩነቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል።

ማስተካከያው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። ቀላሉ `TODAY()`ን አውጥቶ የክፍያው ቀን ያለበትን ሴል ማስገባት ነው፦

```
=ROUND(E12*VLOOKUP(B12,Rate!$A$2:$B$400,2,TRUE),2)
```

ይህ እንዲሠራ `Rate` ሺት ላይ ቀኖቹ ከአሮጌ ወደ አዲስ የተደረደሩ መሆን አለባቸው። B12 ላይ ያለውም ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ እውነተኛ ቀን መሆን ይኖርበታል። ጥር 14 ብሎ በጽሑፍ የገባ ቀን `#N/A` ያመጣል፤ ይህስ ቢያንስ ይታያል። የከፋው የቀኑ ቅደም ተከተል ሲዛባ ነው፤ ምንም ስህተት ሳያሳይ የሌላ ቀን ዋጋ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛውና ሒሳብ ክፍል የሚመርጠው፣ ባንኩ በትክክል ያስከፈለውን ዋጋ ከዴቢት ማስታወቂያው ላይ አይቶ በራሱ ዓምድ በእጅ መጻፍና የማስታወቂያውን ቁጥር አጠገቡ ማስፈር ነው። በሠንጠረዥ ላይ ያለው የዕለቱ ዋጋና ባንኩ ያስከፈለን ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ ከኪሳችን የወጣው ደግሞ ሁለተኛው ነው። በወር ሁለት ሦስት የዶላር ክፍያ ላለበት ድርጅት በእጅ መጻፉ ሸክም አይሆንም።

4ኛ እርምጃ፦ ከሌላ ፋይል የሚሳበውን ነዳጅ መለየት

እስካሁን ድምሩ 4,330,000 ላይ ነው። አሁን `Data` > `Edit Links` ውስጥ ገብተው `Update Values` ይበሉ፤ በአዳዲሶቹ የኤክሴል ዕትሞች `Workbook Links` ተብሎ ነው የሚገኘው፣ እዚያ የሚጫኑትም `Refresh all` ነው። ከዚያ እንደገና F9 ይጫኑ። ድምሩ ወደ 4,315,600 ይወርዳል፤ ኦዲተሩ ያየው ቁጥር ይህ ነው። የተለወጠው 47ኛው ረድፍ ብቻ ነው፤ ከ96,200 ወደ 81,800 ወርዷል፣ ልዩነቱ 14,400። ሴሉ ውስጥ ያለው ይህ ነው፦

```
='D:\Hisab\[Nedaj.xlsx]Sheet1'!$D$32
```

የነዳጅ ፋይሉ በየወሩ በዚያው ስም እየተተካ ይቀመጣል። ስለዚህ ጥር ላይ የጥርን ነዳጅ ሰጠ፤ ግንቦት ላይ ፋይሉ ሲከፈትና `Update` ሲባል እዚያ የነበረው የሚያዝያ ነዳጅ ነው። የጥር መግለጫ ውስጥ የሚያዝያ ወጪ ገባ ማለት ነው። ትክክለኛው በኩፖኖቹና በቫውቸሩ የተረጋገጠው 96,200 ብር ነው። ይህ ዓይነቱ ልዩነት ከሦስቱ ሁሉ አደገኛው ነው፤ ቁጥሩ ነዳጅ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም፣ እዚህ ላይ ደግሞ የዶላሩን ጭማሪ በከፊል ሸፍኖታል።

መፍትሔው የነዳጅ ፋይሉን ከነወሩ መሰየም ነው፤ `Nedaj_Tir.xlsx`፣ `Nedaj_Yekatit.xlsx` እያሉ። መግለጫው ከጸደቀ በኋላ ደግሞ ግንኙነቱን በ`Break Link` መቁረጥ። የተቆረጠ ግንኙነት ስለማይመለስ ከመቁረጥ በፊት ቅጂ ያስቀሩ።

5ኛ እርምጃ፦ ቁጥሩን መዝጋት

ከፈረሙበት ቁጥር ተነሥቶ ወደ ትክክለኛው የሚደረሰው እንዲህ ነው፦

| ዝርዝር | ብር |
|---|---:|
| የተፈረመው ድምር | 4,182,500 |
| ሳይደመሩ የቀሩ ሦስት ቫውቸሮች | + 74,000 |
| የዶላር ክፍያዎች በክፍያው ቀን ዋጋ ሲሰሉ | − 4,500 |
| ነዳጅ (የጥር ቁጥር ነበር፣ አይለወጥም) | 0 |
| ትክክለኛው ድምር | 4,252,000 |

ፒችትሪ ላይ ያለው የጥር ወጪ ድምርም 4,252,000 ነው። እነዚህ ሦስት ቫውቸሮችና ሁለት የዶላር ክፍያዎች ከመጀመሪያውኑ በሌጀሩ ላይ በትክክል ተመዝግበዋል፤ የተዛባው ለእርስዎ የቀረበው የኤክሴል መግለጫ ነው። በመሆኑም የማስተካከያ ጆርናል አያስፈልግም። ኤክሴሉን ከራሱ ጋር ብቻ ማነጻጸር በቂ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ድምሩ ከዝርዝሩ ጋር ይገጥም እንደሆነ የሚያሳይ መቆጣጠሪያ ሴል ፋይሉ ላይ ነበረ፦

```
=SUM(F5:F64)-F65
```

ዜሮ ያሳይ ነበር። ማኑዋል ላይ እሱም ስለማይታደስ ቀድሞ የወጣውን ዜሮ ይዞ ነው የቆመው። መቆጣጠሪያ ሊሆን የሚችለው ከፋይሉ ውጭ ያለ ቁጥር፣ ማለትም የሌጀሩ ድምር፣ በእጅ ተጽፎ ሲነጻጸርና ከማተም በፊት Ctrl+Alt+F9 ሲጫን ነው። ይህ ቁልፍ በተከፈቱት ፋይሎች ውስጥ ያሉትን ፎርሙላዎች በሙሉ ያሰላል፤ F9 ብቻውን ግን መታደስ አለባቸው ብሎ የያዛቸውን ብቻ ነው።

ከእርስዎ የሚጠበቁት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ «የተሻሻለ» የሚል ጽሑፍና ቀን ያለበትን የ4,252,000 ብር መግለጫ እንዲፈርሙ። አሮጌው ወረቀት አይቀደድም፤ ይህ ማስታወሻ ተያይዞበት በፋይሉ ይቀመጣል፣ ኦዲተሩም ሁለቱን አብሮ ያያል። ሁለተኛ፣ የጥሩን 4,182,500 ይዘው ለቦርድ ወይም ለባንክ ያቀረቡት ነገር ካለ ለሒሳብ ክፍል እንዲያሳውቁ፤ የ69,500 ብሩን ልዩነት በዚያው ሰነድ ላይ እናስተካክላለን።

የኅዳርና የታኅሣሥ መግለጫዎች በዚሁ ቅርጽ የተሠሩ ስለሆኑ እነሱም ሲከፈቱ ይለወጣሉ። በ1ኛው እርምጃ መሠረት ተከፍተው እስኪጣሩ ድረስ ማንም ከፍቶ ሴቭ እንዳያደርጋቸው የተቀመጡበት ፎልደር ለንባብ ብቻ ተደርጓል። ማየት ከፈለጉ የተፈረመውን ፒዲኤፍ ይጠይቁን።

ከሰላምታ ጋር